ባትሪ ሲገዙ ኮዱን፣ የተመረተበትን ቀንና ክብደቱን ማንበብ

ኮምቦልቻ ውሎ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የሚያድር መኪና ባትሪው ሁለት ፈተና አለበት። የቆላው ሙቀት፣ በተለይ መኪናው ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚመላለስ ከሆነ፣ ባትሪውን ውስጥ ውስጡን ያስረጀዋል። የደሴ የማለዳ ብርድ ደግሞ ያረጀውን ያጋልጠዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሞተሩ አልነሳ ሲል "ባትሪውን ብርዱ ገደለው" ይባላል። ብዙውን ጊዜ ግን የገደለው ሙቀቱ ነው፤ ብርዱ የሬሳውን ሽፋን ብቻ ነው የገለጠው። በእርሳስና በአሲድ ለሚሠራ ባትሪ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አዲስ ባትሪም ከዚህ አያመልጥም። ማንም ሳይነካው ኃይሉ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ሳይሞላ ሲቆይም በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ደረቅ ሰልፌት ይጋገራል። ይህ ጊዜ ካለፈበት በኋላ በቻርጅ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ "ይህቺ ስንት ነች?" ብሎ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ባትሪው ራሱ የሚናገረውን ማንበብ ያስፈልጋል። የሚያስፈልገው መሣሪያ ትንሽ ነው፤ የቮልቴጅ መለኪያ፣ የፊት መብራት አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር እና ለኢንቨርተር ባትሪ ደግሞ ሚዛን።

አንደኛ፦ ጥፋቱ የባትሪው መሆኑን ያረጋግጡ

አዲስ ባትሪ ገዝቶ በወሩ የሚደክምበት ሰው ብዙ ጊዜ የባትሪ ችግር የለበትም፤ ችግሩ የዲናሞ ነው። ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ሳለ መለኪያውን በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ያድርጉ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካነበበ ዲናሞው በአግባቡ እየሞላ ነው። ከ13.5 በታች ከሆነ አዲሱም ባትሪ እንደ አሮጌው ባዶውን ያድራል። ከ14.8 በላይ ከሆነ ደግሞ የዲናሞው የቮልቴጅ ተቆጣጣሪ ተበላሽቷል፤ ባትሪው ይፈላል፣ ውሃውም ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። በሁለቱም ሁኔታ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ መኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ እንጂ ወደ ባትሪ መሸጫ አይደለም።

ዲናሞው ደህና ከሆነ መኪናው አድሮ በማግስቱ ጠዋት ሳይነሳ ባትሪውን ይለኩ። 12.6 ቮልት ገደማ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ያህል ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር እርስዎ ቁጥሩን ይመልከቱ። ሙሉ የነበረ ባትሪ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ በእርግጥም ደክሟል።

ሁለተኛ፦ የድሮውን ባትሪ ኮድ ሳይጽፉ ከቤት አይውጡ

ኮፈኑን ከፍተው ባትሪው ላይ የታተመውን ኮድ ፎቶ ያንሱ። በአገራችን በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ዓይነት አጻጻፎች ናቸው፤ የጃፓንና የአውሮፓ።

የጃፓኑ እንደ `55D23L` ያለ ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው በመጀመሪያው ቁጥር ነው። ገዢም አንዳንድ ሻጭም 55ን "ሃምሳ አምስት አምፔር" ብለው ያነቡታል። አይደለም። የባትሪውን የማስነሳት ብቃትና አቅም አንድ ላይ የሚመዝን የደረጃ ቁጥር ነው፤ ከፍ ባለ መጠን ባትሪው ይበረታል፣ በአምፔር ሰዓት ግን አይነበብም። `55D23` በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ባዶ እየተደረገ ሲለካ 60 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። `80D26` ደግሞ 80 ሳይሆን 70 አካባቢ ነው። ሰማንያ አምፔር ገዛሁ ብሎ ሰባ ይዞ የሚሄድ ሰው ማንም ላያታልለው ይችላል፤ ኮዱን ያለቦታው አንብቦት ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል የሳጥኑን ወርድና ቁመት መደብ ይነግራል። `B` ቀጭኑ ነው፣ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው፤ `D` ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለተኛው ቁጥር ርዝመቱ ነው፣ በሴንቲ ሜትር፤ 23 ማለት 23 ሴንቲ ሜትር። ይህ ከማቀፊያው ጋር የሚገጥም መሆን አለበት። ረዘም ያለ ባትሪ በሽቦ አስሮ መሄድ እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ግን ያልተያዘ ባትሪ ሲንቀጠቀጥ ሳህኖቹ ይራገፋሉ፣ ከፍ ያለ ከሆነም ጫፉ ኮፈኑን ነክቶ እሳት ሊፈጥር ይችላል።

የመጨረሻው `L` ወይም `R` ፖዘቲቩ በየት በኩል እንዳለ ያመለክታል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ሁለቱ ጫፎች ወደ እርስዎ እንዲቀርቡ ባትሪውን አዙረው ሲያዩት፣ `L` ከሆነ ፖዘቲቩ በቀኝዎ፣ `R` ከሆነ በግራዎ ነው። ፊደሉ "ግራ" የሚል ስለሚመስል በተቃራኒው የሚገምቱ አሉ፤ ምክንያቱ ግን መስፈርቱ የሚያየው በፖዘቲቩ በኩል ካለው አጭር ጎን በመሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ማስታወስ ካልፈለጉ በፎቶው ላይ የፖዘቲቩን ቦታ አይተው ሱቅ ያለውን ባትሪ በዚያው አቅጣጫ አዙረው ያመሳክሩ። የተገለበጠ ከገዙ ሽቦው አይደርስም። ተጎትቶ ቢደርስ ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ ተላልጦ ከብረት ጋር ይገናኛል። ከ`L` ወይም ከ`R` በኋላ `S` ካለ ጫፉ ወፍራም ነው ማለት ነው፤ ትንንሾቹ `B` ባትሪዎች ቀጭን ጫፍም ወፍራም ጫፍም ስላላቸው የሽቦዎ ማያያዣ የትኛውን እንደሚይዝ ይመልከቱ።

የአውሮፓው ኮድ ደግሞ ባለ ዘጠኝ አኃዝ ነው፤ ለምሳሌ `560 408 054`። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች 500ን ይቀንሱ፤ 60 አምፔር ሰዓት ይሆናል። `610` ብሎ የሚጀምር ከሆነ 110 ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት በ10 ያባዙ፤ 540 አምፔር። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በሌሎች ባትሪዎች ላይ `CCA` ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ይገኛል፤ ባትሪው 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ሊያወጣ የሚችለው የማስነሻ ኃይል ነው። ደሴ ያን ያህል አትቀዘቅዝም። ነገር ግን ሁለት ባትሪዎችን በማስነሻ አቅም ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ቁጥር መለያው ላይ የለም፤ የናፍጣ ሞተር ካለዎት ደግሞ ከአምፔር ሰዓቱ ይልቅ ይህን ያስቀድሙ። ከድሮው የበለጠ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ ያነሰ ከሆነ ግን ማለዳ ላይ ያሳፍራል።

ሦስተኛ፦ የተመረተበትን ቀን ያግኙ

ቀኑ ብዙውን ጊዜ ትልቁ መለያ ላይ የለም። ክዳኑ ጠርዝ ላይ፣ ከጫፎቹ አጠገብ ወይም በጎኑ በሙቀት ተወግቶ ይገኛል። አንዳንዶቹ ቀኑን በግልጽ ይጽፋሉ፤ `150325` ማለት 15ኛው ቀን፣ 3ኛው ወር፣ 2025 ነው። ሌሎቹ ወሩን በፊደል፣ ዓመቱን በአንድ አኃዝ ያመለክታሉ፤ `A` ጃንዋሪ፣ `B` ፌብርዋሪ፣ `C` ማርች እያለ ይሄዳል። በዚህ አቆጣጠር `C5` ማርች 2025 ነው። ብዙዎቹ `I`ን ከቁጥር 1 ጋር እንዳይምታታ ስለሚዘሉት ሴፕቴምበር `J`፣ ዲሴምበር ደግሞ `M` ይሆናል። የፋብሪካ ምሥጢራዊ ኮድ የሚጠቀሙም አሉ፤ ሻጩ ሊያነብልዎ ካልቻለ ቀኑን በግምት አይቀበሉ፣ ወደ ቮልቴጁ ይለፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ እላለሁ። በባትሪው ላይ ያለው ዓመት ምንጊዜም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። `0817` የሚል ባትሪ በ2017 ዓ.ም. የተመረተ አዲስ ዕቃ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ኦገስት 2017 ግን በእኛ ሐምሌ ወይም ነሐሴ 2009 ነው። የስምንት ዓመት ልዩነት ነው። ያገለገለ ባትሪ ታጥቦ፣ ተቀብቶና አዲስ መለያ ተለጥፎበት ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ የሚያጋልጠው በክዳኑ ላይ የቀረው ይህ የተወጋ ቁጥር ነው። መለያው ላይ ያለውና ክዳኑ ላይ የተወጋው ከተለያዩ የተወጋውን ይመኑ።

ስንት ወር ይፈቀዳል? አሲድ ተሞልቶ የመጣ የታሸገ ባትሪ እስከ ስድስት ወር ድረስ ያለ ስጋት የሚገዛ ነው። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ያለው ሱቁ በየጊዜው በመሙላቱ ወይም ባለመሙላቱ ይወሰናል፤ ለዚህም ማስረጃው ቃል ሳይሆን መለኪያው ነው። ከዓመት በላይ የቆየውን በግማሽ ዋጋ ቢሰጡኝም አልወስድም። የሱቁም ቦታ ይቆጠራል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኮምቦልቻ ላይ የከረመ ባትሪ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ደሴ ከተቀመጠው እኩያው ቶሎ ይወርዳል።

ደረቅ ሆነው የሚመጡትና ሲሸጡ አሲድ የሚሞላባቸው ከዚህ ይለያሉ። የእነርሱ ዕድሜ መቆጠር የሚጀምረው አሲዱ ሲገባ ነው፤ ስለዚህ የክዳኖቹ ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን ማየት ከቀኑ ይበልጣል። ማሸጊያው እፊትዎ ይነሳ። አሲዱ ከገባ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ ከዚያም በዝግታ ቻርጅ ይደረግ። "መኪናው ላይ ይሞላል" ብለው ወዲያው የሚያስረክቡ አሉ። ግማሽ ሞልቶ ሥራ የጀመረ ባትሪ ግን ሙሉ አቅሙን ሳያይ ሊያረጅ ይችላል።

አራተኛ፦ በዓይንና በመለኪያ ይፈትሹ

መጀመሪያ ጫፎቹን ይመልከቱ። ያልተነካ የእርሳስ ጫፍ ደብዘዝ ያለ ግራጫና ዙሪያው ለስላሳ ነው። ክብ የመጨበጥ ምልክት፣ የቢላዋ ወይም የአሸዋ ወረቀት ጭረት፣ ያለቅጥ የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ ባትሪው ቀድሞ ከመኪና ጋር ታስሯል። ቀጥሎ በጎኑ በኩል አጎንብሰው ያስተውሉት፤ ግድግዳው ያበጠ ከሆነ በሙቀት ወይም በትርፍ ቻርጅ ተጎድቷል። የታችኛው ጠርዝ ላይ የማቀፊያ ብረት ጭረት ካለም ታሪኩ ያው ነው።

ከዚያ ቮልቴጁ። ሻጩ "አብሽር፣ ሙሉ ናት" ብሎ መለኪያውን ሲያስነካ 12.9 ወይም 13 ቢያነብ አይደሰቱ፤ ከቻርጅ ገና የወጣ ባትሪ ላዩ ላይ የተንሳፈፈ ቮልቴጅ ያሳያል። የፊት መብራት አምፖሉን ከሁለቱ ጫፎች ጋር አገናኝተው ለሦስት ደቂቃ ያብሩት፤ ከዚያ አጥፍተው ሌላ አምስት ደቂቃ ይጠብቁና ይለኩ። 12.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ12.4 በታች ከሆነ ሰልፌቱ መጋገር ጀምሯል ብለው ይገምቱ። "ቻርጅ አድርጌ ልስጥህ" ቢሉ ሌላ ባትሪ ይጠይቁ፤ ሌላ ከሌለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። ከ12.0 በታች የተገኘ "አዲስ" ባትሪ በምንም ዋጋ አይገዛም።

አምፖሉ ራሱም ይናገራል። በሦስቱ ደቂቃ ውስጥ ብርሃኑ ወደ ቢጫ እያደላ ከደበዘዘ መለኪያ ሳያስፈልግ ጉዳዩ አልቋል።

አምስተኛ፦ ስለ ስሙ

"የትኛው ብራንድ ነው ጥሩ?" የሚለውን ጥያቄ በአንድ ስም መመለስ አይቻልም፤ አንድ ስም አንድ ፋብሪካ ማለት አይደለምና። ኤክሳይድ የሚለውን ስም ይውሰዱ። የህንዱ ኤክሳይድ ኢንደስትሪስና በአውሮፓ የሚሠራው ኤክሳይድ ቴክኖሎጂስ የተለያዩ ኩባንያዎች ናቸው፤ ኬንያ ውስጥም ክሎራይድ ኤክሳይድ የሚባል ሌላ አለ። ሦስቱም ዓይነት አንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ ስማቸው ብቻ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ሲጠይቁ ስሙን ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን አገር ጨምረው ያንብቡ። "የጀርመን ቴክኖሎጂ" ወይም "የጃፓን ጥራት" የሚል ጽሑፍ የተሠራበትን አገር አይገልጽም፤ የሚገልጸው `Made in` ከሚለው ቀጥሎ ያለው ነው። የታወቀ ስም አንድ ፊደሉ ተቀይሮ ከመጣ ደግሞ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አስተማማኙን ለማወቅ የምመክረው ሰው የደሴና የኮምቦልቻ የሚኒባስ ሹፌር ነው። በየተራው እያጠፋ በቀን ብዙ ጊዜ የሚያስነሳው እርሱ ነው፤ ቆላውንም ደጋውንም በአንድ ቀን ያያል። "የምን ባትሪ ነው?" ብቻ ብለው አያቁሙ፤ "ጋሼ፣ ይህ ባትሪ መቼ ተገዛ? ከየት? ሲበላሽ ቀየሩልዎት?" ብለው ይጠይቁ። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይበልጣል። እኔ ሁለት ባትሪዎች ተመሳሳይ ቀንና ቮልቴጅ ካላቸው የምመርጠው ከፍተኛ ስም ያለውን ሳይሆን እዚሁ ከተማ ውስጥ ዋስትናውን የሚያከብር ሻጭ ያለውን ነው። አዲስ አበባ ሄዶ መሟገት የሚጠይቅ ዋስትና ለደሴ ሰው ዋስትና አይባልም።

ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን። ደረሰኙ ላይ የተሸጠበት ቀን፣ የባትሪው ኮድና በክዳኑ ላይ የተወጋው ቁጥር ይጻፍ፤ ከዚያ "ይህ ከእኛ የተገዛ አይደለም" የሚል ክርክር አይነሳም። ሲበላሽ ማን እንደሚፈትሸውና በአዲስ እንደሚቀየር ወይም እንደሚጠገን አስቀድመው ይጠይቁ።

በምሳሌ እንየው

ጥቅምት 2018 ላይ ነን እንበል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025። የአንድ ቶዮታ ኮሮላ ባለቤት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባትሪ ሊገዛ ወጥቷል፤ ከድሮው ባትሪ ላይ የጻፈው ኮድ `55D23L` ነው። ሻጩ ሦስት አወረደለት።

የመጀመሪያው ስሙ በጣም የታወቀ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ ኮዱ `55D23L`፣ ቀኑ `M4`። ዲሴምበር 2024 ማለት ነው፤ በእኛ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ 2017። አሥር ወር ሆኖታል። ከአምፖሉ በኋላ 12.31 አነበበ። ሁለተኛው `75D23R` ነው፤ ደረጃው ከፍ ያለ፣ ቀኑም `H5`፣ ኦገስት 2025፤ ቮልቴጁ 12.66። እጅግ ጥሩ ባትሪ ነው፣ ግን ፖዘቲቩ በተቃራኒው በኩል ነው። ሻጩ "ሽቦውን እናስረዝመዋለን" አለ። ሦስተኛው ስሙ ያን ያህል የማይታወቅ `65D23L` ነው፤ ቀኑ `G5`፣ ጁላይ 2025፣ ቮልቴጁ 12.58፤ ሱቁ በደረሰኝ ላይ የአንድ ዓመት ዋስትና ይጽፋል።

የሚገዛው ሦስተኛው ነው። መጠኑና አቅጣጫው ይገጥማል፣ ደረጃው ከድሮው ከፍ ይላል፣ ሦስት ወር ብቻ ቆይቷል፣ ሲበላሽም የሚመለስበት በር አለ። የመጀመሪያው ስም አዲስ ሆኖ ቢመጣ ይመረጥ ነበር፤ አሥር ወር ቻርጅ ሳይደረግ ተቀምጦ ወደ 12.31 የወረደው ባትሪ ግን ስሙን ይዞ ጉልበቱን አጥቷል። ሁለተኛውን የተወው ሽቦ ማስረዘም ባትሪ ለመግዛት የሚከፈል ዋጋ ባለመሆኑ ነው።

የኢንቨርተር ባትሪ ከሆነ

መብራት ሲሄድ ቤት ወይም ሱቅ ለማብራት የሚሆነው ባትሪ ሌላ ሥራ ነው ያለው። የመኪናው ባትሪ ብዙ ቀጫጭን ሳህኖች ያሉት፣ ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል የሚያወጣ ነው። በየቀኑ ግማሹ እየወጣ ቢሞላ በጥቂት ወራት ያልቃል። ለኢንቨርተር የሚገዛው ወፍራም ሳህን ያለው፣ ለረጅም ጊዜ ቀስ እያለ ለመስጠት የተሠራ ነው፤ መለያው ላይ `Deep Cycle` ወይም `Tubular` ይላል።

ምን ያህል ያስፈልጋል? ከዕቃዎቹ ይጀምሩ። አምስት ባለ 9 ዋት አምፖል 45 ዋት፣ ቴሌቪዥን 60፣ የኢንተርኔት ሳጥን 10፣ ሁለት ስልክ ቻርጅ 15፤ ድምሩ 130 ዋት ነው። ለአራት ሰዓት 520 ዋት ሰዓት ይሆናል። ኢንቨርተሩ ራሱ ስለሚበላ በ0.85 ያካፍሉ፤ ወደ 612። በ12 ቮልት ሲያካፍሉት 51 አምፔር ሰዓት ይወጣል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ይረዝማል፤ ስለዚህ ቢያንስ የእጥፉ፣ 102 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋል። ምጣድና የውሃ ማፍያ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገቡም፤ አንድ ምጣድ ብቻውን ይህን ባትሪ ያደቃል።

102 ስለወጣ ባለ 100 ይበቃል ብለው አይቸኩሉ። ከአምፔር ሰዓቱ አጠገብ `C20` ወይም `C10` ወይም `C100` የሚል አለ። ባትሪው በስንት ሰዓት ቀስ ብሎ ባዶ ሲደረግ ያንን ቁጥር እንደሰጠ ያመለክታል። በ100 ሰዓት የተለካ 100 አምፔር ሰዓት በ10 ሰዓት ሲለካ በጣም ያንሳል። የእኛ ጭነት ወደ 13 አምፔር ይስባል፤ ባለ 100 ባትሪ ላይ ይህ ከ`C10`ም የፈጠነ ነው። ስለዚህ የሚገዛው በ`C10` ወይም በ`C20` የተለካ 150 አምፔር ሰዓት ነው፤ በእያንዳንዱ ምሽት የሚወጣው ሲሶው ብቻ ይሆናል። መለያው ላይ ሰዓቱ ካልተጻፈ ከፍ አድርገው የጻፉት ነው ብለው ይያዙት።

በዚህ ዘርፍ የሚበዛው ማታለል የቁጥሩ ነው፤ ባለ 100ውን ሳጥን ላይ 150 ብሎ መለጠፍ። ማጋለጫው ሚዛን ነው። የእርሳስ ባትሪ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ40 ዋት ሰዓት በላይ እምብዛም አይይዝም። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት 1200 ዋት ሰዓት ነው፤ ለ40 ሲካፈል 30 ኪሎ። የታሸገው ዓይነት በእውነትም ከ28 እስከ 31 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 150ው ወደ 45፣ ባለ 200ው ወደ 60። አሲድ የሚሞላበት ባለ ቱቦ ሳህኑ ከዚህም ይከብዳል። "150" ተብሎ 32 ኪሎ የሚመዝን ባትሪ የ100 ባትሪ ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ቢል እርሳስ አይዋሽም። ሱቁ ሚዛን ከሌለው አጠገቡ ካለ የእህል መጋዘን ወስደው ያስመዝኑ፤ ይህን የሚከለክል ሻጭ ምክንያቱን ያውቃል። ይህ ልኬት ለሊቲየም አይሠራም፤ 12.8 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለው ባለ 100 ሊቲየም ከ10 እስከ 13 ኪሎ ብቻ ቢመዝን ትክክል ነው።

ቀኑንና ቮልቴጁን ከላይ እንደተባለው ያንብቡ። ሁለት ባትሪ አንድ ላይ የሚያገናኙ ከሆነ ሁለቱም አንድ ስም፣ አንድ አቅምና አንድ ወር ይሁኑ፤ አሮጌው አዲሱን ወደ ራሱ ደረጃ ያወርደዋል። የኢንቨርተሩንም የመሙያ አምፔር ይመልከቱ። ለባለ 150 ባትሪ 15 አምፔር ገደማ ተስማሚ ነው፤ 5 አምፔር ብቻ ከሆነ መብራት በሚመጣበት አጭር ጊዜ ሳይሞላ ይቀራል፣ ሁልጊዜ ያልሞላ ባትሪም በሰልፌት ይደርቃል። አሲድ የሚሞላበት ዓይነት ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ መኝታ ቤት አይቀመጥ፤ አየር የሚዘዋወርበት ጥላ ቦታ ይፈልጉለት።

ከተገዛ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት

የመኪናው ባትሪ ሲገጠም መጀመሪያ ፖዘቲቩ፣ መጨረሻ ኔጋቲቩ ይታሰር፤ ሲነሳ በተቃራኒው። ከዚያ በሁለተኛውና በሰባተኛው ቀን ማለዳ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ቮልቴጁን ለክተው ይጻፉ። ሁለቱም ከ12.5 በላይ ከሆኑ ጉዳዩ ተጠናቋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ከ12.4 በታች ከወረደ፣ ዲናሞውም ከ13.8 በላይ የሚሞላ ከሆነ፣ መኪናው ጠፍቶ ሳለ የሚያፈስ ሽቦ እንዳለ ባለሙያ ይፈትሽ፤ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ የሚስብ ከሆነ ጥፋቱ የመኪናው ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ጥፋቱ የባትሪው ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮችና ደረሰኙን ይዘው በዚያው ሳምንት ወደ ሻጩ ይመለሱ።